ስለ ፍሪጁ ለእትዬ የጻፍኩት

እኔ መሸጥ አልችልም። ልጅ ሆኜ ባለሱቁ የተበላሸ ቲማቲም ሲሰጠኝ "ቀይርልኝ" ለማለት አፍሬ ይዤው የምመለስ፣ እቤት ደግሞ እናቴ የምትቆጣኝ ሰው ነበርኩ። ካደግሁ በኋላም አልተሻለኝም። ቦሌ ኤርፖርት ጭነት ክፍል የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ሆኜ ስሠራ ግን ይሄ ጠባይ ጎድቶኝ አያውቅም። ኮምፕረሰር ሰላምታ አይፈልግም፤ ተበላሸ፣ ትፈታዋለህ፣ ትሠራዋለህ፣ አለቀ።

ከዚያ በፈቃድ ወጥቼ አንዲት ትንሽ ሳጥን ሠራሁ። ቀጭን ሽቦዋ ፋርማሲው ፍሪጅ ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኗ ውጭ ትቀመጣለች። ሌት ተቀን ሙቀቱን ትመዘግባለች፤ መብራት ሄዶ መድኃኒቱ መሞቅ ሲጀምር ለባለቤቱ ስልክ መልእክት ትልካለች። የራሷ ባትሪና ሲም ካርድ ስላላት መብራት ቢጠፋም ዝም አትልም። ገርጂ በተከራየናት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በራሳችን ፍሪጅ ላይ ስሞክራት ከረምኩ። ባለቤቴ ወተት ልታወጣ ፍሪጁን ከፍታ ትንሽ ከቆየች ስልኬ ይጮሃል። "ከአማትህ የባሰች እኮ ናት ይቺ ሳጥን" ትለኝ ነበር።

አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር። ፈቃዱ የሚያልቀው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ግልጽ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ከልቡ ፈልጎ የገዛ ፋርማሲ ካገኘሁ እቀጥላለሁ። ካላገኘሁ ሳጥኗን አጣጥፌ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍሌ እመለሳለሁ።

ኦሎምፒያ አንድ አዳራሽ ውስጥ አዲስ ሥራ ለጀመሩ ሰዎች ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሠልጣኙ "የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ ስልካችሁ ውስጥ ናቸው። ለሚያውቋችሁ ሰዎች ጻፉ፤ ለአንድ አንዱ ለየብቻ ጻፉ" አለን። ሰማሁት፤ ጻፍኩትም፤ ሰምቼ ያልሰማሁት ያቺን "ለየብቻ" የምትለዋን ነው። ስለ ሳጥኗ አንድ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ ፎቶ አያይዤ፣ ቴሌግራም ላይ ለማውቀው የፋርማሲና የመድኃኒት ሰው ሁሉ እኩል ለጠፍኩት። አውራ ጣት ላኩልኝ። አንዱ እንዲያውም "እንኳን አብሮ አደረሰን" አለኝ፤ የበዓል መልካም ምኞት መስሎት።

ባለቤቴ ስልኬን ተቀብላ አነበበችና "ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?" አለች።

"ለሁሉም።"

"እንግዲያ ማንም አይመልስልህም። ለሁሉም የተነገረ ለማንም አልተነገረም። እኔ ራሴ እኮ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም፤ ሚስትህ ሆኜ!"

እሺ ብዬ ለየብቻ መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደውዬለት ለማላውቅ ሰው በየት በኩል ገብቼ "ግዛኝ" ልበል? እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ይሉኝታዬን ሁሉ አወጣሁና ጻፍኩት። "ወንድሜ እንደምን ሰነበትክ፣ በጠፋሁበት ይቅር በለኝ፤ ከሥራ ከወጣሁ ቆየሁ፤ አንድ ነገር ጀምሬ ነበር፣ እንዳሰብኩት ቶሎ አልሄደልኝም፤ ላስቸግርህ ባልወድም በምትችለው ሁሉ ከጎኔ ብትሆን ውለታህን አልረሳም" የሚል ነው። ስለ ሳጥኗ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ እሷም ይቅርታ እየጠየቀች ነው የምትገባው። ጨዋ ደብዳቤ የጻፍኩ መስሎኝ ላክሁት። ያንለታ ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ድሮ ጭነት ክፍል አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው አሁን ኦሎምፒያ አካባቢ ትልቅ የመድኃኒት መጋዘን ያስተዳድራል። ሙዝና ብርቱካን ይዘዋል። ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ በቀስታ ነው የሚያስቀምጡት፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ነው የሚመስሉት። ተቀመጡ። ከዚያ አንዱ "አይዞህ፣ ያልፋል" አለ። ሌላው "ማን ያላገኘው አለ?" አለ። ባለቤቴ ወደኔ አየች፤ እኔም ወደሷ።

የመጋዘኑ ሰው ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብርቱካኑ ጎን አኖረው። "ከልጆቹ ጋር ተነጋግረን ነው። ትንሽ ናት፤ አትቀየመን" አለኝ።

"ኧረ እኔ እኮ ብር አልጠየቅኩም! ሥራ ነው የያዝኩት፤ ሳጥን ነው የምሸጠው! ያንተ መጋዘን ውስጥ ስንት ፍሪጅ አለ?" አልኩት፤ ዘልዬ ሳጥኗን አመጣሁ። ሽቦውን አሳየሁት። እሱ ግን የታመመ ሰው የሚዘባርቅ ይመስል በሐዘኔታ ነበር የሚያየኝ።

"እሱንማ ሌላ ጊዜ እናየዋለን። አሁን አንተ ተረጋጋ" አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከሄዱ በኋላ ፖስታውን መልሼ ላክሁ፤ እነሱ ደግሞ ተቀየሙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፍ ወለምታ ደግሞ ከሱ የባሰ ነው፤ ሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ሊገዛኝ ይችል የነበረውን ሰው በገዛ እጄ መጽዋች አደረግሁት። አንድ ጊዜ ያዘነልህ ሰው ደግሞ ካንተ አይገዛም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ አላልቅ ብሎ ብርቱካኑን እየላጠች ትንከተከታለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው። "ስማኝ፣ ስላንተ ችግር ጻፍክላቸው፤ ያንተን ችግር ሊፈቱልህ መጡ። ስለነሱ ፍሪጅ ጠይቃቸው። እንዲገዙህ አትለምን፤ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ይንገሩህ" አለችኝ። የሰለጠንኩት ለካ እዚያ አዳራሽ አልነበረም።

በዚያ ምክር መጀመሪያ የጻፍኩት ለእትዬ ነው። እትዬ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። ለአንድ አስመጪ ድርጅት ሲሠሩ ጭነት ክፍል እየመጡ መድኃኒት ይረከቡ ነበር። ቴርሞሜትራቸውን ሳያስገቡ ፊርማ የሚባል ነገር የለም። ኢንሱሊን ለምን እንደማይሞቅ፣ ለምን ደግሞ እንዲቀዘቅዝ ተብሎ በረዶ ላይ እንደማይጣል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሳጥኗ የተፀነሰችው ያኔ ነው። ሠርጌ ላይ በእናቴ ፋንታ የቆሙትም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሰሚት፣ ድሮ አባታቸው ጤፍ ያርሱበት ከነበረው መሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ፋርማሲ ከፈቱ።

የጻፍኩት አጭር ነበር። ይቅርታ የለበትም፤ ፎቶም የለበትም። አንብቤ ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ትክክለኛ መልእክት ነበር።

አልላክሁትም።

ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሳ ተመለሰች። የመጋዘኑ ሰው ፖስታ ዓይኔ ላይ መጣ። እትዬም ሙዝ ይዘው ቢመጡስ? ለኔ ያደረጉልኝ ሳያንስ፣ በጡረታቸው ዘመን ደግሞ የኔን ሳጥን ላሸክማቸው? ከማንም በላይ የምፈራው የሳቸውን ማዘን ነበር። ከበዓል በኋላ እልከዋለሁ ብዬ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም አሉ፤ እኔም አመንኩ። የሆሳዕና ሰሞን ለሌላም ለማንም አልጻፍኩም። ቴሌግራም ስከፍት ከስማቸው ሥር በቀይ "ረቂቅ" የምትል ቃል ትታየኛለች፤ አልፋታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ረቡዕ ዕለት እንኳን አደረስዎ ልላቸው ደወልኩ። ድምፃቸው የሳቸው አልነበረም። "ና እስቲ፣ አንተ የፍሪጅ ሰው ነህ" አሉኝ።

በሚኒባስ ሰሚት ደረስኩ። እትዬ ነጭ ጋዎናቸውን ለብሰው ከፍሪጁ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከስቅለት ጀምሮ ዘግተው ደብረ ዘይት እህታቸው ጋ ነበሩ። መብራት ሄዷል፤ ሲመለስ የሳቸው ፋርማሲ ብሬከር ወድቆ መብራቱ እንደጠፋ ቀርቷል። ከላይ ያሉት ቤቶች በሙሉ መብራት ስላላቸው ማንም አላወቀም። ዛሬ ጠዋት ራሳቸው መልሰውታል፤ ፍሪጁ አሁን ይሠራል። ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ለይተው፣ "አይሸጥም" ብለው ጽፈውበታል።

"ለብ ብሎ ነው ያገኘሁት" አሉ። "መቼ እንደጠፋ አላውቅም፤ ምን ያህል እንደሞቀ አላውቅም፤ ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። ይሄን ባውቅ አምራቹን ጠይቄ ምናልባት የሚተርፍ ይኖር ነበር። ሳላውቅ ግን ለሰው ልጅ አልሰጥም።" ከዚያ አንዲት ቃል በኦሮምኛ ለራሳቸው አሉ፤ የፈጣሪን ስም ጠርተው ነው። ጠዋት አንዲት እናት ለልጇ ኢንሱሊን ልትወስድ መጥታ ባዶ እጇን እንደመለሷት ነገሩኝ። የመለሷት የዘወትር ደንበኛቸውን ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ሙዙና ስለ ፖስታው፣ ለሳቸው ጽፌ ሳልልክ ስላስቀረሁት መልእክት፣ ስለ ሰኞም። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ አወጣኋት፤ "በነፃ ልግጠምልዎት፣ እትዬ" አልኩ።

"ወግድ! ጓደኞችህ ያደረጉህን እኔን ልታደርገኝ ነው? እኔ ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ዋጋዋን ንገረኝና ግጠም" አሉ።

ገጠምኳት። ገዙኝ። ከልባቸው ፈልገው፣ ከሰኞ በፊት። ባለቤቴ ጋ ስደውል ስልኩ ውስጥ እልል አለች። ሳጥኗ የመጀመሪያ መልእክቷን ላከች፦ አምስት ዲግሪ፤ ሁሉም ደህና ነው። ፍሪጁ ውስጥ ከመደርደሪያው በቀር ምንም አልነበረም።

"ያልላክህልኝን አሳየኝ" አሉኝ።

"ይተዉት እትዬ።"

"አምጣ ነው የምልህ!"

ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ድምፅ አውጥተው አነበቡት። "እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በዓል ላይ ዘግተው ሲሄዱ ፍሪጁ ቢጠፋ በምን ያውቃሉ? አንድ ቀን መጥቼ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።"

ሁለተኛ አነበቡት፤ ይህን ጊዜ በልባቸው። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

"'አላውቅም፤ ዛሬውኑ ና' ነበር የምልህ" አሉኝ።