ሁለት ሱሪ ለምን እንደተባለ

የጉዞውን ልብስ ዝርዝር ለመጻፍ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። በክረምት ጉና ተራራ ላይ ለማደር ከደብረ ታቦር የምንነሳው አሥራ አንድ ነበርን፤ ከእኔ በቀር ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልብስ ጎን ምክንያቱን ጻፍኩ። ጅንስ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ጋቢም ቤት ይቅር፤ ጥጥ ከራሰ አያሞቅም፣ የሱፍ ሹራብ ግን ርሶም ያሞቃል። የዝናብ ልብስ ከሹራቡ በላይ፤ ሱፍም ቢሆን ነፋስ አያቆምም። ካልሲ ሦስት ጥንድ፤ የራሰ ካልሲ እግር ይልጣል። ሱሪ ሁለት፦ አንዱ ለመንገድ፣ ሌላው በፌስታል ታስሮ ድንኳን እስኪገባ የማይፈታ፤ እዚያ ላይ የራሰ ነገር የሚያደርቅ ፀሐይ የለምና።

ዝርዝሩን የላክሁለት የጉዞው አስተባባሪ ሐሙስ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ግን «ሱሪ 2፣ ሹራብ 1፣ ካልሲ 3፣ የዝናብ ልብስ 1» የሚል ብቻ ነበር። ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ሰው ልብስ መልበስ ከአንተ ይማራል? ስብከት አስመሰልከው እኮ» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ የገሳይን ከተማ አልፈን ከመኪና ወረድን። ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳን ስንተክል፣ መንገዱን ሁሉ ስታስቀን የነበረችው መምህርት ዝም ብላ አየኋት። የቦርሳዋን ዚፕ መያዝ አቅቷት ጣቶቿ ይንሸራተታሉ። ጅንስ ለብሳለች።

«ደረቁን ሱሪ አውጪና ቀይሪ» አልኳት።

«ለብሼዋለሁ» አለች፤ ምላሷ ተሳስሯል። «ከሥር። ሁለት ሱሪ ብላችኋል አይደል? ለብርዱ መስሎኝ።»

አስተባባሪው ከኋላዬ ሳቀ። «መምህርት ሆና ሁለት ሱሪ ትደርባለች?»

ፌስታሌን ፈትቼ ያለኝን ደረቅ ሱሪ፣ ሹራብና ካልሲ አብረውን ለነበሩት ሁለት ሴቶች ሰጠሁ። የራሰውን አውልቀው የእኔን አለበሷት፤ ሁለቱ በብርድ ልብስ ግራና ቀኝ አቀፏት፣ ትኩስ ሻይ በስኳር አጠጧት። ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሌሎቹ ደነገጡ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ተነፈስኩ። የፈራሁት ሳትንቀጠቀጥ ዝም ማለቷን ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ ሰውነት ራሱን እያሞቀ ነው።

ሌሊቱን በራሰ ሱሪ ቁጭ ብዬ አደርኩ። አስተባባሪው በደረቅ ቱታው ተጠቅልሎ፣ «አንተስ የራስህን ዝርዝር አልተከተልክም እንዴ?» አለኝ። ፊቴን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞርኩ። አፌን ብከፍት የምናገረውን አውቀዋለሁ።

ከእሱ ይልቅ ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። ምክንያቶቹ ስልኬ ላይ ነበሩ፤ ሐሙስ ዕለት እዚያው ግሩፕ ላይ ለመለጠፍ አንዲት ደቂቃ ትበቃኝ ነበር። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ግሩፑ ላይ ከተለጠፉት የጉዞ ፎቶዎች ሥር ሙሉውን ዝርዝር ከነምክንያቱ ለጠፍኩ። «አሁን ምን ያደርጋል፣ ተመለስን እኮ» ብሎ አስተባባሪው ጻፈ። አላጠፋሁትም።

መምህርቷ ሱሪዬን አጥባ፣ ተኩሳ መለሰችልኝ። በፌስታል አጥብቃ አስራው ነበር።