የቆመች መኪና ወጪ

መኪናዬ ከሄደችበት ይልቅ የቆመችበት ጊዜ ይበልጣል። ፍኖተ ሰላም ላይ ቢሮዬም ገበያውም ከቤቴ በእግር የሚደረስ ነው። መኪናዋን የማስነሳው በአብዛኛው እሑድ እሑድ ነበር፤ ከጅጋ ወጣ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩትን እናቴን ለማየት። እሱም ከተነሳችልኝ ነው። ስንቱን እሑድ ባትሪዋ ሞቶ ጎረቤት እየለመንኩ አስገፍቻታለሁ። ሰለቸችኝ። መንዳቱ ሳይሆን ለእሷ ማሰቡ አደከመኝ።

ባለፈው ዓመት ኢንሹራንስ የማደስ፣ ለምርመራ የማቅረብና ቦሎ የማውጣት ጣጣ እንደ ልማዱ ተከታትሎ መጣ። ምሬቴን ለታናሽ ወንድሜ በስልክ ነገርኩት። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ መኪና ኖሮት አያውቅም፣ መሄድ ሲፈልግ ታክሲ በስልኩ ይጠራል።

«አንድ ቀን እንኳ በዓመት ስንት ብር እንደምትበላብሽ አስበሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላውቅም። ወጪ የምለው ቤንዚኑን ብቻ ነበር። እሱ ኢንሹራንሱን ደመረ፣ ምርመራውን ደመረ፣ ተነዳችም አልተነዳችም የሚቀየረውን ዘይት፣ ቆሞ የሚሞተውን ባትሪ፣ ፀሐይ የሚሰነጥቀውን ጎማ። ቤንዚኑንም ቢሆን በማደያው ዋጋ አላሰበውም፤ ማደያው ሲደርቅ ከቸርቻሪ በጀሪካን በምገዛበት ዋጋ እንጂ። ከዚያ የእሑዱን መንገድ አሰብነው፤ እስከ ጅጋ በሚኒባስ፣ ከጅጋ እስከ እናታችን ደጅ ባጃጅ በኮንትራት፣ ደርሶ መልስ። አልፎ አልፎ ቡሬ ለስብሰባ የምሄድበትን፣ አዲስ አበባ ስመጣ በስልክ የምጠራውን ታክሲ ሁሉ ጨምረንበት እንኳ የመኪናዋ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

«መኪና እኮ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» አልኩት፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚለውን።

«ብሩ ረክሶ ነው። ደግሞስ ሳትሸጫት ጨመረች ቢሉሽ ምን ይፈይድልሻል?»

በዚያው ሰሞን ለአንድ የቡሬ ነጋዴ ሸጥኳት። ከግቢዬ ስትወጣ እንኳ ተገፍታ ነው የተነሳችው። ሰው ያዝናል ይላሉ፤ እኔ ግን ቀለለኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ከጅጋ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። እናቴ ድምፁን ሰምተው ወጡ።

«መኪናሽስ?»

«ሸጥኳት እምዬ።»

ወደ ነጂው ዞር ብለው ዋጋውን ጠየቁት። እሱም የዋህ ነው፣ ነገራቸው። እናቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እኔን ለማየት? ይህን ሁሉ?»

«የመኪናዋ ከዚህ ይበልጥ ነበር እኮ።»

«ኧረ ወዲያ! ያችማ የራስሽ ናት። የራስ በቅሎ ኪራይ አለባት?»

«በቅሎስ ገብስ አትበላም እንዴ?»

«ብትሄድም ባትሄድም ትበላለች» አሉ። «ቆማ ከምትበላ ትምጣ ብዬ ነበር ደስ የሚለኝ። አሁን ግን በኔ ምክንያት ነው የምትከፍይው። ከእንግዲህ ለዓመት በዓል ብቻ ነይ።»

ወንድሜና እኔ ያን ሁሉ ስንደምር ይህን አላሰብንም። የመኪና ወጪ በዓመት አንዴ ያስለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳል። የባጃጅ ግን በየእሑዱ እናቴ ፊት ይቆጠራል። በአንዱ እሑድ ደክሞኝ አልጋዬ ላይ እንዳለሁ እኔም ዋጋውን እያሰላሁ መሆኔ ታወቀኝ። ተናደድኩ። መኪና በነበረኝ አሥር ዓመት አንድ ቀን እንኳ እናቴ ዘንድ መሄድ ስንት ያወጣል ብዬ አላውቅም ነበር። ተነስቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ብልሃት አበጀን። ነጂው ደንበኛዬ ሆነ፤ ጅጋ ስደርስ እደውልለታለሁ፣ ሒሳቡንም እናቴ ሳያዩ በስልክ እልክለታለሁ። እናቴ ግን መች ይሞኛሉ! በመጣሁ ቁጥር «ምነው አትምጪ አላልኩሽም?» እያሉ ይቆጡኛል። እኔም አንድ ቀን የእውነት ይከለክሉኛል ብዬ መፍራት ጀመርኩ።

ባለፈው እሑድ ልሄድ ስነሳ እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የታጠፉ ብሮች ለነጂው ዘረጉለት።

«ተከፍሏል እማማ» አላቸው።

«የዛሬው ነው የተከፈለ። ይኸ ለሚመጣው እሑድ ነው» አሉት። «የበቅሎዋን ገብስ እኔም ላዋጣ። ልጄን አምጣልኝ።»

እንቁላል ሸጠው ያጠራቀሙት ብር ነበር፤ የኮንትራቱን ሩብ አይሞላም። ነጂው እኔን አየት አደረገኝና በሁለት እጁ ተቀበላቸው።