የመምህር ወጋየሁ የጥፋት ደብተርና የአያንቱ ደብዳቤ

መምህር ወጋየሁ ምስጋናን በክፍል ውስጥ እንደ ወርቅ የሚቆጥቡ፣ በወረቀት ላይ ግን እንደ ቆሎ የሚበትኑ ሰው ነበሩ። መካኒሳ ባለው ትምህርት ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ የለም። ሰማሁ የሚል ካለም ያን ቀን ጆሮውን ታሞ ነበር። መቶ ከመቶ ላመጣ ልጅ የሚሉት «ጽሕፈትህን አስተካክል» ነበር።

ያው ተማሪ ጨርሶ ከወጣ በኋላ የምስክርነት ደብዳቤ ሊያስጽፍ ሲመጣ ግን አንጀታቸው አይችልም። እንዲህ ይጽፉለታል፦ «ተማሪ እገሌ በጠባዩ ምስጉን፣ በትምህርቱ ትጉህ፣ በሥራው ታታሪ፣ ለታላላቆቹ ታዛዥ፣ ካስተማርኳቸው ተማሪዎችም ሁሉ አንደኛ መሆኑን በደስታ እመሰክራለሁ።» የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዚነት ይህን ደብዳቤ በአንድ እጇ ሳምቡሳ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትተይበዋለች። በእሷ ቆጠራ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ድረስ ስልሳ አራት አንደኞች ነበሩ። ከአንድ ቤት ሁለት አንደኞች ወጥተው ያውቃሉ፤ መንትዮች ናቸው፣ ምን ይደረግ።

በ1988 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከአንደኞቹ አንዷ የላፍቶን ጭቃ በጫማዋ ጭና ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመች። አያንቱ ትባላለች፤ የገበሬው የኦቦ ፈየራ ልጅ ናት። ዐሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን በአንድ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ለባለሙያነት ለመሠልጠን አመልክታለች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤዎን መለሱብኝ» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች።

«ማነው የሚመልሰው? ማኅተም የለውም እንዴ?»

«ማኅተምስ አለው። ችግሩ ሦስት መሆኑ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠልጣኝ የሚመርጡት አቶ አባይነህ የሚባሉ ሰው የአያንቱንና የሌሎች ሁለት አመልካቾችን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉት። ከስሙ በቀር አንድ ፊደል አይለይም። ሦስቱም አንደኛ! «ይሄ ሰው ኬሚስትሪ እንጂ ሒሳብ አላስተማረም» ብለው ሳቁ። ለሁለቱ ሌላ መምህርም ጽፎላቸው ስለነበር አለፉ። አያንቱ ግን ያላት ያው አንዱ ነው። «ምን እንደሆንሽ ሳይሆን ምን እንዳደረግሽ የሚናገር ደብዳቤ አምጪ። ዛሬ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ ስምሽን እሰርዛለሁ» አሏት።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። መምህር ወጋየሁ ላብ ላብ አላቸው። «ውጪ ጠብቂ፤ የምስክርነት ደብዳቤ ባለቤቱ አይሰማውም» ብለው አያንቱን ከመስኮቱ ሥር፣ ከጥበቃው ከቦጋለ አጠገብ አስቀመጧትና ወደ ዚነት ዞሩ።

«ጻፊ ዚነት። አያንቱ ፈየራ በጠባይዋ እጅግ ምስጉን፣ በትምህርቷ እጅግ በጣም ትጉህ፣ በሥራዋ ከመጠን በላይ ታታሪ…»

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ቅቤውን ጨመሩ እንጂ ዶሮዋ የታለች?»

«ዶሮ ምን አመጣው?»

ዚነት አዲስ ወረቀት አስገብታ ቀጭ ቀጭ አደረገችውና በመስኮቱ ብቅ ብላ «ቦጋለ! ይሄን ስማ» ብላ አነበበች፦ «ቦጋለ በጠባዩ እጅግ ምስጉን፣ በሥራው ከመጠን በላይ ታታሪ፣ ለታላላቆቹ ታዛዥ፣ ከሁሉም አንደኛ መሆኑን በደስታ እመሰክራለሁ።»

ቦጋለ ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ይስጥልኝ! ልክክ ብሎልኛል፣ ለኔ የተሰፋ ነው። ማኅተም አድርጊልኝና ለባለቤቴ ላሳያት።»

«አዩ ጋሼ? ለቦጋለ የሚበቃ ደብዳቤ ለአያንቱ አይሆንም። ለሁሉም የሚሆን ኮት የማንም አይደለም።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። «ታዲያ ምን ላድርግ? በዓመት አራት መቶ ልጅ ነው የማስተምረው። የትኛዋ ምን እንዳደረገች በምን አስታውሳለሁ?»

ዚነት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ድምፅዋ ዝቅ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይሰማታል። «ሰማያዊዎቹ ደብተሮችስ?»

ሰማያዊዎቹን ደብተሮች የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። በሲባጎ የታሰሩ ዘጠኝ ናቸው። መምህር ወጋየሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪን ጥፋት ከነቀኑ መዝግበውባቸዋል፦ ማን አረፈደ፣ ማን አሲድ ደፋ፣ ማን በማግኒዥየም ሲጋራ ሊለኩስ ሞከረ።

«ያ እኮ የጥፋት ነው!»

«ሌላ የጻፉት ነገር አለ?»

አልነበረም። ሲባጎው ተፈታ፣ አቧራው ቦነነ፤ ሰባተኛው ደብተር ላይ አገኟት። ዚነት አነበበች፦

«ኅዳር 9 ቀን 1984። አያንቱ ፈየራ፣ 10ኛ ለ። ውሃ የፈላው በ93 ዲግሪ ነው ብላ ጻፈች። 100 አድርጊው ብላት እምቢ አለች። ዜሮ። ከክፍል ወጣች። ኅዳር 10፦ ሳይፈቀድላት ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ከቁም ሣጥን አውጥታ እንደገና ሦስት ጊዜ ለካች። ግትርነት።»

ዚነት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል የመምህሩን ፊት አየችና ዋጠችው። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

«ውሃ በመቶ አይደል እንዴ የሚፈላው?»

«ባሕር ዳርቻ ላይ ነው» አሉ መምህሩ ወደ ጣሪያው እያዩ። «ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቶሎ ይፈላል። እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ። ኤቨረስት ተራራ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ብዬ ሥዕል ስያለሁ። መካኒሳ ራሷ ከፍታ ላይ መሆኗ ግን ትዝ አላለኝም።»

«መቼ ነው ትዝ ያለዎት?»

መምህሩ ደብተሩን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ።

«ጋሼ!»

«በዚያው ሳምንት። ቅዳሜ ሰው ሳይኖር መጥቼ አፈላሁት። ዘጠና ሦስት።»

«ዜሮውስ?»

«ዜሮው… ካርድ ላይ ገብቶ ነበር።»

ዚነት ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «ለካ ባቄላዬ አልበስል የሚለኝ ለዚህ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌ እኔን ሲወቅስ! ይሄን ጉድ አራት ዓመት ደብቀው…»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች!»

መምህር ወጋየሁ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተንጎራደዱ። ዚነት ፈልጋ ያገኘችው ነገር ልክ መሆኑን ያውቁታል። ውሃ ለሚመረምር ሰው መጽሐፉ የሚለውን ሳይሆን መሣሪያው የሚያሳየውን የሚጽፍ እጅ ይሻላል፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ግን ይህን ለመጻፍ የራሳቸውን ስሕተት በትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ ከነማኅተሙ ማስፈር ሊኖርባቸው ነው። ኮፒው ፋይል ይገባል። ዳይሬክተሩ ያነቡታል። ዚነት ስላወቀችው ደግሞ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ያለ ሰው እስከ ነገ ይሰማዋል። በመስኮቱ አዩ። አያንቱ የእጅ ሰዓት የላትም፤ የቦጋለን ክንድ ስባ ሰዓቱን ታያለች።

«ወረቀት አስገቢ» አሉ።

«አያንቱ ፈየራን ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያታለሁ። በኅዳር 1984 ውሃ አፍልተው የፈላበትን ሙቀት እንዲለኩ ሳዝ፣ አርባ ስምንት ተማሪዎች መጽሐፉ እንዳለው መቶ ብለው ጻፉ። አያንቱ ብቻ ያየችውን፣ ዘጠና ሦስት፣ ጻፈች። ለውጪ ብዬ አዘዝኳት፤ አልለወጠችም። ዜሮ ሰጠኋት። በማግስቱ በሌላ ቴርሞሜትር ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቴም ዘጠና ሦስት ሆነ። ትክክለኛዋ እሷ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ዜሮውንም አላረምኩም።»

«ደረጃዋስ?» አለች ዚነት።

«አንደ…»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሺ። ከአርባ ዘጠኝ ተማሪ አራተኛ። ያ ዜሮ ባይኖር ሁለተኛ ትሆን ነበር።»

«ጉድለትም ይጨምሩበት። ጉድለት የሌለበትን ሰው ማንም አያምነውም።»

«ዕቃ ከማውጣቷ በፊት ማስፈቀድን ብትለምድ መልካም ነው፤ ብለሽ ጻፊ።»

ዚነት ቦጋለን ጠራችው። «ቦጋለ፣ ይሄኛውስ ይሆንሃል? ውሃ ሲፈላ ለክተህ ታውቃለህ?»

ቦጋለ አሰበ። «እኔ ቀዝቃዛውን ነው የምጠጣው። ይሄኛው እጅጌው አልገባልኝም።»

«በቃ፣ የራሷ ሆኗል!» ብላ ዚነት ለመጨረሻ እርማት ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የዚነት በለሆሳስ ማንበብ እንደ ቄስ ቅዳሴ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ያለ ቀርቶ ከአጥር ውጪ ያለም ይሰማዋል። ይህን ሳታውቅ ነው ያደረገችው የሚል ካለ ዚነትን አያውቃትም። «ሦስቴም ዘጠና ሦስት ሆነ» ስትል ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ መጣ።

«ሦስተኛው ዘጠና ሁለት ነበር።»

ዚነት ከወረቀቱ ቀና አለች።

«ማነው ያለው?» አሉ መምህሩ።

«ማንም» አለች አያንቱ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ግን ጋሼ፣ ሦስተኛው ዘጠና ሁለት ነው።»

መምህር ወጋየሁ ደብተሩን አነሡ። ከ«ግትርነት» ሥር፣ በእርሳስ፣ የራሳቸው ደቃቅ ጽሕፈት አለ፦ 93፣ 93፣ 92። ቀና ሲሉ ዚነት በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። እሳቸውም ጀመራቸው፤ ከሆዳቸው፣ መነጽራቸው እስኪወልቅ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መምህር ወጋየሁ ሲስቁ ቦጋለ ያየው ያን ቀን ነው፤ የታመሙ መስሎት ውሃ ይዞ መጣ።

ቁጥሩ ተስተካክሎ ደብዳቤው እንደገና ተተየበ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ እንኳ አንድ ቁጥሬን አርማኛለች።» ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ፤ ፖስታው ታሸገ፤ እጥፋቱ ላይ ደግመው ፈረሙበት። ለአያንቱ ሲሰጧት አፋቸውን ከፈቱ።

«ጎ…»

ዚነትና ቦጋለ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«…ጎተራ የሚሄድ ታክሲ ያዢ። ዐሥር ሰዓት ሆኗል።»

አያንቱ ጭቃውን እየረጨች በረረች።

ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ስልክ ጮኸ። አቶ አባይነህ ነበሩ። «ለዘጠና ሦስቱ ዜሮ የሰጡት በእርግጥ እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር ወጋየሁ፤ ጆሯቸው እንደገና ቀላ።

«ሰኞ ሥልጠና ትጀምራለች። እኛ ዘንድ ቁጥር ለማሳመር የሚለውጥ ሞልቷል፤ የማይለውጥ ነው የቸገረን።»

ወሬው ከዚነት አፍ ሳይቀዘቅዝ ላፍቶ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዐሥራ አንድ የቀድሞ አንደኞች ተሰለፉ። «ጋሼ፣ እኔም ጥፋቴ ይፈለግልኝ!» ይላል አንዱ። «አሲዱን የደፋሁት እኔ ነኝ፣ ደፍቼም ያጸዳሁት እኔው ነኝ!» ትላለች ሌላዋ። ደብተሮቹ ተዘረጉ፤ መምህር ወጋየሁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እየሳቁ ጥፋት ያድላሉ።

ከሰልፉ መጨረሻ ለባንክ ሥራ ደብዳቤ የፈለገ ቴዎ የሚባል ልጅ ነበር። ዘጠኙም ደብተር ተገለበጠ። ስሙ የለም። አላረፈደም፣ አልሰበረም፣ ቀና ብሎም አልተናገረም።

«አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር?» አሉ መምህሩ ተስፋ ቆርጠው።

ቴዎ እንባው ቀረረ። «ምንም አላጠፋሁም ጋሼ።»

ዚነት ከቁም ሣጥኑ የሻይ ብርጭቆ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እንካ ወንድሜ፣ ስበር። ከዚያ ስትጠግነው እናያለን።»