አንድ እርምጃ የሄደው ነጥብ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጎንደር ውስጥ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበርኩ። ኮሶዬ ላይ የደባርቅ መንገድ ጠመዝማዛ እንዲቃና ካርታ አንሣ ተባልኩና ሦስት የሲሚንቶ ምሰሶ ተከልኩ። የካርታው ልኬት ሁሉ የሚነሣው ከነዚህ ሦስት ነጥቦች ነው። በሁለቱ ላይ ቴዎዶላይቴን አቁሜ ማዕዘን ለካሁ። የማርያም ዕለት ሥራ ፈታን፤ በማግስቱ ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።

የሦስቱ ማዕዘን ድምር መቶ ሰማንያ ዲግሪ መሙላት ነበረበት፤ ሁለት ደቂቃ፣ ማለት የአንድ ዲግሪ ሠላሳኛ፣ ጎደለ። መሣሪያዬ ሃያ ሰከንድ፣ የደቂቃ ሲሶ፣ ለይቶ ያነባል፤ ያን ያህል አይስትም። የሦስተኛውን ማዕዘን ደግሜ ለካሁ፣ ያው ሆነ። አለቃዬ ጉድለቱን ለሦስቱ አካፍለህ ሪፖርቱን ላክ፣ አለዚያ ሌላ ቀያሽ እተካለሁ ብሎ ላከብኝ። ምን ይደበቃል፣ ማካፈል ጀምሬ ነበር።

ሦስተኛው ምሰሶ የቆመበት ማሳ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ድንኳኔ ድረስ መጡ። አያ እላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ድንጋይህን ያዛወርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«እነዚህ ሰዎች ቀላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ጥለው መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው» ብለው ሰግተው ነው። የማርያም ዕለት ምሰሶውን ነቅለው ከማሳው ዳር ወደ ውጭ አንድ እርምጃ ራቅ አድርገው፣ ቀጥ አድርገው ተክለውታል። እንዳይዘምም ድንጋይ ሳይቀር ጠቅጥቀውበታል! በጣም ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ባይነግሩኝ ኖሮ ውሸት ፈርሜ እልክ ነበር። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ምሰሶውን እሳቸው ባቆሙበት ቦታ በሲሚንቶ አጽንቼ ሦስቱንም ማዕዘን እንደ አዲስ ለካሁ፤ ልዩነቱ ከሃያ ሰከንድ አልዘለለም። ሪፖርቱ ላይ መሣሪያዎቹን፣ የነጥቡን መዛወር፣ የተገኘውን ትክክለኛነት ሳልደብቅ ጻፍኩ። አለቃዬ አጉረመረመ፣ ግን ፈረመ።

ከመላኬ በፊት ሪፖርቱን ሳነብላቸው አያ አምስተኛውን አንቀጽ እንድደግምላቸው ለመኑኝ። ሦስቴ አስነበቡኝ። ማንበብ አይችሉም፤ በልጅነታቸው ግን ዳዊት በቃል አጥንተዋል።

ከዓመታት በኋላ ጎረቤታቸው የዚያኑ ካርታ ግልባጭ ይዞ ከማሳቸው ጫፍ ሁለት ሜትር ይገባኛል ብሎ ከሰሳቸው። ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። ዳኛው መልስዎ ምንድን ነው አሏቸው።

አያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። «አንቀጽ አምስት። ይህ ካርታ ለመንገድ ንድፍ ብቻ ያገለግላል። በካርታው ላይ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት መሬት ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ስለሚሆን ለወሰን ክርክርም ለግብርም አይጠቀስም» አሉ።

ዳኛው ከካርታው ጋር የቀረበውን ሪፖርት ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንድ ቃል አልጎደለም። ክሱ ተዘጋ። እኔ የጻፍኩትን ረስቼው ነበር።