የአምቦን ሦስት ሰዓት

ዌኒንግ ጣቶቿ ደርቀው መርፌ አልይዝ ሲሏት የቀራት ዓይኗ ነበር። ጃቫ ደሴት ላይ፣ ማላንግ ከተማ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ከቤያ፣ ያንን ሙሽሮች የሚለብሱትን የዳንቴል ሸሚዝ፣ ስትሰፋ ኖራለች።

ልጇ ራትና፣ "እማ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ በነፃ እየጠየቀ ከሚያደክምሽ ምክርሽን በስልክ አትሸጪውም?" አለቻትና ማስታወቂያ ጻፈችላት። የግማሽ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ሃምሳ ሺህ ሩፒያ፣ ክፍያ ቀድሞ፣ ፎቶም ቀድሞ። የሚሆነውንና የማይሆነውን በእውነት ትናገራለች፤ ይስተካከላል ብላ ግን ቃል አትገባም። "ደግሞ መልሱን በጽሑፍ እንዳትሰጪ፤ ከዚያ ማን ይደውልልሻል?" አለቻት።

ከባሕር ማዶ፣ ከአምቦን ደሴት፣ ማማ ኔልቺ የምትባል አሮጊት ከፍላ ፎቶ ላከች። የልጅ ልጇ ቅዳሜ ታገባለች። የሟች እናቷን ከቤያ ልትለብስ ፈልጋ ደረቷ ላይ ጠበባት። ዌኒንግ ፎቶውን አስፍታ አየችው። የጥንቱ ሰፊ በሁለቱም ጎን ስፌት ውስጥ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ትቷል። ያ ቢለቀቅ ይበቃታል፤ ደስ አላት። የልጇን ምክር አክብራ፣ "ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት እደውላለሁ" ብላ ብቻ ጻፈች።

ዓርብ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ገበያ ደርሳ መጣችና ልክ በሦስት ሰዓት ደወለች። የማማ ኔልቺ ዓይን ቀልቷል።

"ሦስት ሰዓት አላልሽም? እዚህ እኮ አምስት ሆነ!"

ዌኒንግ ክው አለች። አምቦን ላይ ሰዓቱ በሁለት እንደሚቀድም አላሰበችም ነበር።

"ደወልኩ፣ ደወልኩ፤ አታነሺም። እህቴ፣ 'ያቺ የጃቫ ሴት ብርሽን በልታ እየሳቀችብሽ ነው፣ አንቺ ሞኝ!' አለችኝ። ሠርጉ ነገ ነው። መቀስ አነሳሁ።"

ከቤያውን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ ተተርትሯል።

"ብጠብቅሽ ኖሮ ይድን ነበር?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ዌኒንግ ግን፣ "ይድን ነበር፣ እማማ። ጎኑን ከውስጥ ይዳብሱት" አለች።

አሮጊቷ ዳበሰችው። "አለ" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ገንዘብዎን እመልሳለሁ።"

"ገንዘቡን ምን ላድርገው? በሠርጓ ቀን ይህን ልጄን ያለበስኳት እኔ ነበርኩ።"

ዌኒንግ ሥራ አስያዘቻት። ነጭ ጨርቅ ከጀርባው መሐል እንድታስገባ፣ ከላይ ወደ ታች በስፒል እንድትይዝ፣ ዳንቴሉን ሳትስብ እንድትሰፋ ነገረቻት። ግማሽ ሰዓቱ አለቀ፤ ማንም ስልኩን አልዘጋም። ስፌቱ ያስታውቃል፤ ሁለቱም አይተውታል።

በሩ ተከፈተና የሙሽራዋ ድምፅ ተሰማ። "አያቴ፣ ደረሰልኝ?"

ማማ ኔልቺ ከቤያውን ጀርባውን ወደ ራሷ አዙራ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ደርሷል፣ የኔ ቆንጆ። ነገ ከላዩ ሻርፕ ትደርቢያለሽ።"

"በዚህ ሙቀት? ለምን?"

"እናትሽም ደርባ ነበር" አለች አሮጊቷ።