እልልታ አንድ ጫማ ይገፋል

የልጅ ልጄ ስትሮጥ ከኋላዋ ውሻ የለቀቁባት ነው የምትመስለው። ይህን ስነግራት ትስቃለች፤ ከዚያ ታኮርፋለች፤ ከዚያ ደግሞ ማኩረፏን ረስታ ትስቃለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

እናቷ ሰው ቤት ሠርታ የምትገባው ሲመሽ ስለሆነ፣ ከሰፈራችን ከመንፉሐ ተነስተን ወደ ሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ለርዝመት ዝላይ ልምምድ የምወስዳት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት ገባሁ ማለት ነው! ፊደሉን እንኳ የለቃቀምኩት ከእሷው ደብተር፣ እሷ ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ሪያድ የመጣሁት የማዳሜን ልጆች ላሳድግ ነበር። እነሱ አድገው ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኙኝም አያውቁኝም። ምን ልል ነበር? አዎ፣ ዝላዩን።

ባለፈው ዓመት በሴት ተማሪዎች ውድድር ላይ ሦስት ጊዜ ዘለለች፤ ሦስቱንም ቀይ ባንዲራ ተነሳባት። አሸዋው ፊት ለፊት መሬት ውስጥ የተቀበረች ነጭ ጣውላ አለች፤ መነሳት ከእሷ ላይ ነው፤ የጫማሽ ጫፍ ካለፈ ዝላዩ እንዳልተዘለለ ይቆጠራል። ውጤቱ ሲለጠፍ ሄደን አየን። ከሌሎቹ ልጆች ስም ጎን ቁጥር አለ፤ ከእሷ ስም ጎን ሰረዝ።

«እምዬ፣ ዘንድሮ ማሸነፍ አልፈልግም» አለችኝ በመንገድ። «ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው።»

የስፖርት መምህርቷ ቀጭን፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ ወጣት ናት። ልጅቱን ጀርባዋን ለአሸዋው ሰጥታ ጣውላው ላይ አቆመቻትና አሥራ አንድ እርምጃ እየቆጠረች ወደ ውጭ አስሮጠቻት። አሥራ አንደኛው ያረፈበት ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈች። «መነሻሽ ይሄ ነው። ሁልጊዜ ቀኝ እግርሽ እዚህ፣ የመጀመሪያው እርምጃሽ በግራ፣ አሥራ አንደኛውም በግራ። ጣውላውን አትፈልጊው፤ እሱ ይመጣልሻል። ዓይንሽ ከአሸዋው ማዶ ይሁን።»

ስትነሳም «ረጅም ሁኚ! ቀኝ ጉልበት ወደ ላይ!» ትላታለች። ስታርፍ ግን ልጃችን ጉድ ናት። እግሯ ከፊት ያርፍና፣ ለሻይ እንደተጠራ እንግዳ ቂጧ ላይ ትቀመጣለች፤ እጇንም ከኋላዋ ትደገፋለች። የሚለካው ደግሞ ለጣውላው ከሚቀርበው አሻራ ነው፤ እጅሽ ከኋላ ከነካ እስከ እጅሽ ብቻ! መምህርቷ አሸዋው ላይ ገመድ ዘረጋች። «ተረከዝሽ ከገመዱ ማዶ ይውረድ፣ እጅሽ ወደ ፊት፣ ጉልበትሽ ይታጠፍ፣ ከዚያ ወደ ጎን ውደቂ።»

«ተቀመጪ ያላት የለም እኮ፣ ምነው?» እላታለሁ እኔ ከፕላስቲክ ወንበሬ ላይ።

«እምዬ፣ አንቺ መጥተሽ ዝለያ!»

ማረፉ በሳምንት ተስተካከለ። ጣውላው ግን አልሆነም። በየቀኑ አንድ ጫማ ታልፈዋለች። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አሻራውን ታያለች፣ በእግሯ ትለካለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

አንድ ማክሰኞ ለደም ግፊቴ ሹመይሲ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝና እናቷ ከሥራ አስፈቅዳ ልምምድ ወሰደቻት። ማታ እየዘለለች ገባች። «እምዬ! ስድስት ጊዜ ሮጥኩ፤ ስድስቱንም ጣውላው ላይ!»

ደስ አለኝ። በማግስቱ ሄድን፤ አንድ ጫማ አለፈች።

መምህርቷ ጣውላውን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ሰው ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

«እማማ፣ ቅድም ስትነሳ ምን አሉ?»

«እኔ? ምንም።»

«‹ያላ፣ በርቺ!› ብለው እልል አሉ።»

«እና ዝም ልበል? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

«እስቲ አሁን ዝም ይበሉልኝ።»

ዝም አልኩ። ልጅቱ ሮጠች፤ እግሯ ጣውላው ላይ። «አሁን እልል ይበሉ» አለችኝ። አልኩ። አንድ ጫማ አለፈች። ሦስት ሦስት ጊዜ አስደገመችን፤ ሁሌም ያው። እልል ስል ልጄ ልቧ ይሞቃል፣ እርምጃዋ ይረዝማል፣ ያቺ በየእርምጃው የምትጨመር ጣት ጣት የምታህል ነገር አሥራ አንደኛው ላይ ተጠራቅማ ጫማ ታክላለች። የሦስት ሳምንት ጥፋት የጣውላው መስሎን የእኔ አፍ ኖሯል!

ልጅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ብሎኝ ነበር። ለውድድሩ ዝም እንድል ይማሉልን አሉኝ፤ ማልኩ።

የውድድሩ ዕለት መምህርቷ ፕላስተሩን በዝምታ በሚሠራው በመጀመሪያው ቦታ ላይ አስለጠፈቻት። ተመልካቹ ሁሉ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ነው። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዣለሁ። ግን የማልኩት እኔ ብቻ ነኝ! ልጅቱ መሮጥ ስትጀምር ከኋላዬ ያሉት ሐበሾች እልልታውን አቀለጡት፤ ዓረቦቹም በራሳቸው እልልታ ተቀበሏቸው። ጣውላውን አለፈችው። ቀይ ባንዲራ።

መምህርቷ ከአጥሩ ወዲህ አንድ ጣት አሳየቻት፤ አንድ ጫማ ወደ ኋላ። ልጅቱ ፕላስተሩን ነቅላ ወደ ኋላ ለጠፈች። እኔ ይህን መች አየሁ! እኔ ተነስቼ ሴቶቹን እየለመንኩ ነበር። «እህቶቼ፣ በፈጠራችሁ፣ ዝም በሉላት፤ በእልልታ ነው የምትሳሳተው!» ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ልጅቱ በዚያ ጸጥታ ሮጠች። ጣውላው ራቃት። አንገቷን ደፍታ ፈለገችው፣ እርምጃዋን ቆራረጠችው፣ ሳትዘል ዝም ብላ አሸዋው ውስጥ ሮጣ ገባች። ቀይ ባንዲራ።

መምህርቷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «እማማ! ምን አደረጉ? ምልክቱን እኮ ለእልልታው ነው ያራቅነው!»

አንዲት ዝላይ ቀረች። ልጅቱ ፕላስተሩ ጋ ቆማ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች። የዓምናው ሰረዝ ፊቷ ላይ ነበር። ጎንበስ አላለችም፤ ፕላስተሩንም አልነካችውም። አገጯን ከፍ አድርጋ ብቻ ጠበቀችኝ።

ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድኩ። «ያላ፣ የኔ ልጅ!» ብዬ እልል አልኩ፤ ልጄን በተገላገልኩ ዕለት እንኳ እንዲያ አልተባለም። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ፣ ከዚያ ተከተሉኝ።

ዓይኗ ከአሸዋው ማዶ ነበር። ግራ እግሯ ጣውላውን ድው አደረገው፣ ጉልበቷ ወጣ፣ ተረከዞቿ ከፊት ወረዱ። ልትቀመጥ ነው አልኩ በልቤ። እጆቿን ወደ ፊት ወርውራ በጎኗ ተገለበጠች። ነጩ ባንዲራ ተነሳ።

ሦስት ሜትር ከስድሳ ሁለት። ስንተኛ እንደወጣች አልጠየቅኩም፤ ብዙዎቹ በልጠዋታል መሰለኝ። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟንም ቁጥሩንም ራሴ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

በታክሲ ስንመለስ ፀጉሯ ውስጥ ያለውን አሸዋ ቀሚሴ ላይ እያራገፈች ቆየችና፣ «እምዬ» አለችኝ።

«እ፣ የኔ ሜትር።»

«ከጣውላው ጫፍ አራት ጣት ቀርቶኝ ነበር እኮ። ትንሽ ጠንከር አድርገሽ እልል ብትይ ኖሮ…»