የባልደረባዬ ዝርዝር

በኮሮናው ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የጤና ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከማን ጋር እንደተቀራረቡ እየጠየቁ መመዝገብ፣ የተመዘገቡትንም ቶሎ መፈለግ ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ አንዲት አዲስ ነርስ እኛ ቢሮ እስክትመደብ ድረስ።

አንዲት የጨርቅ ነጋዴ እናት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተመለሱ። በማግስቱ አተኮሳቸው፣ ሳል ጀመራቸው። ናሙና ሰጥተው ውጤቱ በአምስተኛው ቀን ሲመጣ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ወደ ለይቶ ማከሚያው ከገቡ በኋላ በስልክ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።

"ሕመሙ ሊጀምርዎት ሁለት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ከማን ጋር ተቀራርበዋል?"

"ከማንም። ከቤተሰቤ ጋር ብቻ" አሉኝ።

አራት ስም ጽፌ ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ እሷም ደወለችላቸው። በሀዲይኛ ነበር የምታወራው፤ እኔ ከምባታ ስለሆንኩ ጥቂት ጥቂቱን ብቻ ነው የምይዘው። ከማን ጋር ተቀራረቡ ብላ አልጠየቀቻቸውም። አውቶቡሱ ላይ መስኮት ጋ እንደተቀመጡ፣ መናኸሪያ ሲወርዱ ዕቃቸውን ማን እንዳወረደላቸው፣ ቁርስ የት እንደበሉ ነበር ወሬው። ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ስልኩን ስትዘጋ ዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ጨምራለች። ኃላፊያችን ወረቀቱን አንስቶ "ሥራ ማለት ይሄ ነው!" አለ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝም። አራት ስም ያለበትን ወረቀቴን ገልብጬ አስቀመጥኩ።

ከአሥራ አንዱ አንዱ አውቶቡሱ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ የሺንሺቾ መምህር ነበር። የሴትዮዋ ስልክ ባትሪ በማለቁ በሱ ስልክ ለልጃቸው ደውለው ኖሮ ቁጥሩ ልጃቸው ስልክ ላይ ተገኘ። በከምባታ በኩል ያሉትን የምደውልላቸው እኔ ስለነበርኩ ነርሷ ቁጥሩን ጽፋ ሰጠችኝ።

"ዛሬውኑ ብትደውልለት ጥሩ ነው" አለች።

እሷ ልታዘኝ ነው? ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና መጀመሪያ የራሴን አራት ሰዎች ልጨርስ አልኩ። አራቱም አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ሰዓት አይፈጁም ነበር። መሸ። መምህሩ ጋ የደወልኩት በማግስቱ አመሻሽ ላይ ነው።

"ምንም አላመመኝም" አለኝ።

"ባያምዎትም ቫይረሱ ይዞዎት ሊሆን ይችላል። አሥራ አራት ቀን ለብቻዎ ክፍል ይቀመጡ፤ ቢያምዎት ወዲያው ይደውሉ።"

"እሺ። ግን አሁን ከለቅሶ ቤት መግባቴ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበርኩ።"

በማግስቱ አተኮሰው። ውጤቱ ሲመጣ ነጋዴዋ ላይ የተገኘው እሱም ላይ ተገኘ። ሰው ደግሞ ሕመሙ ሊጀምረው ሁለት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ያስተላልፋል፤ ያ የለቅሶ ቀን እዚያ ውስጥ ገባ። በጊዜ ደውዬለት ቢሆን ከክፍሉ አይወጣም ነበር።

ኃላፊው ለምን እንደዘገየሁ ሲጠይቀኝ "ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው" አልኩ። ነርሷ ቀና ሳትል መጻፏን ቀጠለች። አለማጋለጧም አናደደኝ። ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን ግን አላስቻለኝም።

"ኔትወርክ አልነበረም" አልኳት።

"አውቃለሁ። ወረቀቱን ስሰጥህ ፊትህን አይቼዋለሁ።"

"ለምን ታዲያ አልተናገርሽም?"

"ብናገርና ከሥራ ቢያግዱህ የለቅሶውን ሰዎች ማን ያገኛቸዋል? ከምባትኛ አልችልም። ተነስና ሂድ።"

ሺንሺቾ ሄድኩ። ማስክ አድርጌ፣ መምህሩ ወደ ለይቶ ማከሚያ እስኪወሰድ ከሚጠብቅበት ክፍል መስኮት ራቅ ብዬ ቆምኩና ማንን እንዳገኘ አልጠየቅሁትም። ድንኳኑ ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ ማን ውሃ እንዳቀበለው፣ አብሮት ማን እንደበላ ጠየቅሁት። በሷ አጠያየቅ እንደምጠይቅ ጥያቄው አፌ ላይ እያለ ይታወቀኝ ነበር፤ ያቃጥለኝም ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ወጣ። ከወረዳው ባለሙያዎች ጋር ሆነን በየቤቱ ዞረን ሁሉም ከሰው ተለይተው እንዲቆዩ ነገርናቸው። አንዲት እናት ተቆጡኝ፤ "ደህና ሰው ታስራለህ እንዴ?" አሉ።

"የታመመውንማ ለይተን እያከምን ነው፤ እናንተን የምናስቀምጠው ሕመሙ ይዟችሁ እንደሆነ እስኪለይ ነው" አልኳቸው። ልጃቸው የተለየ ክፍል አዘጋጀላቸው።

ከሃያ ሁለቱ ሁለቱ ታመሙ፤ አንዷ እኚሁ እናት ነበሩ። ሲያማቸው ለብቻቸው ስለነበሩ ልጃቸውም ሆነ የልጅ ልጆቻቸው አልተያዙም። ሌላውም ለማንም አላስተላለፈም። በዚያ መስመር አዲስ ስም መመዝገብ ቆመ። ሁለቱም ድነው ወጡ። ያን ቀን ሳልደውል ባልቀር ኖሮ ግን ሁለቱም ባልታመሙ ነበር።

ኃላፊው በስብሰባ ላይ ሁለታችንንም አመሰገነ። የሷን ስም አስቀድሞ ጠራ፤ ያንን ልብ ብያለሁ። ከወራት በኋላ ሌሎችን እንድታሠለጥን ወደ አዲስ አበባ ስትጠራ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት፤ ደስታዬም የምሬን ነበር፣ ግማሹ። አውቶቡሱ ሲወጣ ሌላው ግማሽ፣ ቅናቱ፣ አሁንም አብሮኝ ነበር።